«ይህ ቦታ አያንስዎትም?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። በሂሳብ ሥራ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶቼ ኤንጂኦ ነበሩ። የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት የፋይናንስና አስተዳደር ማናጀር ነበርኩ፤ ደመወዜም 96,000 ብር ነበር። በ2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ፕሮጀክታችን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለሲኒየር አካውንታንት አራት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ አራቱም ጋ ‹ይህ ቦታ ለእርስዎ ያንሳል፤ ሁለት ወር ሠርተው ይሄዳሉ› ተባልኩ። ‹ሥራ ሥራ ነው፤ ምንም አይመስለኝም› ብዬ ነበር የመለስኩት። በሚቀጥለው ሐሙስ ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ጠርቶኛል፤ ደመወዙ 32,000 ብር ነው። ማስተርሴን ከሲቪዬ ላይ ላውጣው? እንደምቆይስ እንዴት ላሳምናቸው? ፕሮጀክቱ ቢመለስ ምን እንደማደርግ እውነቱን ለመናገር ለራሴም አላውቅም። — እ.ት.»

እኅቴ፣ መጀመሪያ «ሥራ ሥራ ነው» የሚለውን መልስ እንጣለው። አንቺ ትሕትና መስሎሽ ነው የተናገርሽው፤ ልብሽም ንጹሕ ነው። ጠያቂው ጆሮ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «አሁን ቸግሮኛል፤ የተገኘውን እይዛለሁ» ብለሽ የነገርሽው ነው የሚመስለው። የቸገረው ሰው ደግሞ ችግሩ ሲያልፍ ይሄዳል። ስለዚህ የፈሩትን ነገር ራስሽ አረጋገጥሽላቸው ማለት ነው።

ይህን የምልሽ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ስላየሁት ነው። ሰው ኃይል ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ለስቶክ ሂሳብ ሰው ፈልገን፣ ቀድሞ የፋይናንስ ኃላፊ የነበረ ሰው አመለከተ። ሲቪው ያስደንቃል፤ ቃለ መጠይቁ ላይም ከሁሉም በላይ ነበር። «ምንም አይመስለኝም» አለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀጠርኩት። በ47ኛው ቀን ጠዋት መልቀቂያውን በፖስታ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አልተቀመጠም፤ ቆሞ ነው ያናገረኝ። የሙከራ ጊዜ ላይ ስለነበር ማስጠንቀቂያ መስጠት አይጠበቅበትም፤ በዚያው ዕለት ወጣ። ሁለተኛ ወጥታ ለነበረችው ልጅ ስደውል ሌላ ቦታ ገብታለች። ወሩ ደግሞ ሰኔ ነው፤ ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ሰኔ የፋይናንስ ክፍሉ ሰዎች እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እየቆዩ ነው የጨረሱት። እኔም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ «ያ ያመጣኸው ሰውዬ» ስባል ከረምኩ።

ሰውዬውን አልወቅሰውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን ቦታ ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ እንደ አንቺ ያለ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ይህ ሰው እዚህ የመጣበት ምክንያት ነገ የተሻለ ቢመጣም የሚቆም ነው ወይስ ዛሬ ሌላ ስለጠፋ ብቻ የተገኘ ነው? አንቺም ሐሙስ የምትሄጂው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘሽ መሆን አለበት።

ደግነቱ መልሱ እጅሽ ላይ አለ፤ ልብ ያላልሽው ይመስለኛል። አንቺ በደረጃ ከቦታው በላይ ነሽ። በዘርፉ ግን አዲስ ነሽ። 14 ዓመት ሙሉ የሠራሽው የለጋሽ ገንዘብ ነው። በጀት ከወጪ ጋር ማመሳከር፣ ለለጋሽ ሪፖርት ማድረግ፣ የፕሮጀክት ኦዲት ማስተናገድ ታውቂያለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጥሬ ዕቃ ገብቶ ምርት ሆኖ ይወጣል፤ የአንዱ ባልዲ ወይም የአንዱ ጀሪካን ዋጋ ስንት እንደሆነ መሰላት አለበት። የሽያጭ ቫት በየወሩ ይታወጃል። መጋዘን ይቆጠራል። በመጨረሻም ትርፍና የትርፍ ግብር የሚባል ነገር አለ። ፕሮጀክት ላይ ይህ ሁሉ ወይ አልነበረም ወይ እንግዳ ነበር።

እንግዲህ እውነተኛ ምክንያትሽ ይኸው ነው። በለጋሽ ገንዘብ ላይ ብቻ የቆመ ሙያ አንድ ቀን በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ እንደሚችል አንቺ በራስሽ ላይ አይተሻል። ወደ ንግድና ምርት ሂሳብ መሻገር ትፈልጊያለሽ። ለመሻገር ደግሞ በማናጀር ወንበር መግባት አይቻልም፤ የምርት ወጪ አስልታ የማታውቅ ማናጀር የሚቀጥር ፋብሪካ የለም። ስለዚህ ሲኒየር አካውንታንት ለአንቺ ትክክለኛው በር ነው እንጂ መውረድ አይደለም። ፕሮጀክቱ ነገ ቢመለስም ይህ ምክንያት ይቆማል። ጠያቂውም ይህን ሲሰማ ትከሻው ረገብ ይላል፤ ምክንያቱም ከእነሱ የምትፈልጊው ነገር እንዳለ ገባው። ከደመወዝ ሌላ የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ያንን ሳያገኝ ቶሎ አይሄድም።

ይህ ምክንያት የአንቺ ካልሆነ ግን አትናገሪው። ፋብሪካ ሂሳብ መማር በፍጹም የማያጓጓሽ ከሆነ ሌላ እውነተኛ ምክንያት ፈልጊ። ፊልድ መውጣት ሰልችቶሽ ይሆናል፤ ሰው ማስተዳደር ደክሞሽ ወደ ሂሳቡ ራሱ መመለስ ናፍቆሽ ይሆናል። የተጠና መልስ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። «ምርት ወጪ ላይ በተለይ ምኑ ነው የሚስብዎት?» ሲሉሽ ዝም ካልሽ አለቀ።

ወደ ሲቪው እንምጣ። ማስተርስሽን አታውጪው። የትምህርት ክፍሉ ውስጥ በአንድ መስመር ይቀመጥ፤ ብቻ ከስምሽ ሥር በደማቅ አይጻፍ። «ማናጀር» የሚለውንም አትቀይሪው። እኛ አገር መደበቅ አያዋጣም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ሁሉን ይናገራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ነው። ኦሪጅናል ዶክመንት አምጪ በተባልሽ ቀን 96,000 ብሩም የሥራ መደቡም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ ኦቨር ኳሊፋይድ መሆንሽ ቀርቶ የደበቀች ሴት ትሆኛለሽ። ያ ደግሞ ሂሳብ ክፍል ውስጥ አይታለፍም።

መቀየር ያለበት ከማናጀርነቱ ሥር ያሉት መስመሮች ናቸው። ብዙ ሰው እንደሚጽፈው አንቺም «12 ሠራተኞችን መርቻለሁ፣ ስትራቴጂ ነድፌያለሁ፣ በዓመት ይህን ያህል ሚሊዮን ብር በጀት አስተዳድሬያለሁ» ዓይነት ነገር ጽፈሽ ከሆነ፣ ለዚህ ቦታ ስትልኪ በእጅሽ የሠራሽውን አስቀድሚ። የባንክ ማስታረቂያ ራስሽ ትሠሪ ነበር? ጻፊው። ፒችትሪ ላይ ራስሽ ትመዘግቢ ነበር? ጻፊው። የደመወዝ ግብርና ጡረታ በየወሩ አሳውቀሽ ትከፍዪ ነበር? እሱንም ጻፊ። የመምራቱ ነገር መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ይበቃዋል። አንባቢው «ይህች ሴት አሁንም እጇ ሥራ ላይ ነው ወይስ ፊርማ ላይ ብቻ ነበረች?» እያለ ነው የሚያነበው።

ሌላም አለ። ከሲቪሽ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር 14 ዓመት በሁለት መሥሪያ ቤት መሥራትሽ ነው። ስለ መቆየት የሚጠራጠር ሰው ፊት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ከላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ውስጥ ይግባ። «በሂሳብ ሥራ 14 ዓመት፣ በሁለት መሥሪያ ቤት ብቻ፤ ሁለተኛውንም የለቀቅኩት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ነው።» ይኸው ነው። ሪፈረንስ የምትሰጪውም ሰው ይህንን በራሱ አንደበት የሚመሰክር ይሁን፤ ቀድመሽ ደውለሽ ስለ ምን እንደሚጠየቅ ንገሪው።

ማመልከቻ ደብዳቤም ካስገባሽ ጉዳዩን ቀድመሽ አንሺው። እነሱ እስኪያነሱት ከጠበቅሽ ብዙ ጊዜ ሳይጠሩሽ ይቀራሉ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ቀድሞ የነበርኩበት የሥራ መደብ ከዚህ እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ያመለከትኩት ግን ከለጋሽ ሂሳብ ወደ ምርት ሂሳብ መሻገር ስለምፈልግ ነው፤ የምርት ወጪና የስቶክ ሂሳብን ከሥሩ መማር የምችለው በዚህ ቦታ ነው። የተገለጸውን ደመወዝ አይቼ፣ አስቤበት ነው ያመለከትኩት።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ማብራራት ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል።

ስለ ደመወዙ ግን ቁጭ ብለን እናስላ፤ ሂሳብ አንቺም ትወጂያለሽ። አሁን ባለው የግብር መጣኔ ከ32,000 ብር ላይ 9,150 ብር ግብር ይነሳል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 2,240 ብር ነው። እጅሽ የሚገባው 20,610 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ካለ እሱም፣ እንዴት እንደሚሆን ሐሙስ ሳይሆን ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ አውጪው። ካልሆነ አልሆነም፤ ያኔ ቃለ መጠይቁ ላይ ምንም ብትዪ ስድስት ወር አትቆዪም። እነሱም እውነታቸውን ነው ማለት ነው። ከሆነ ግን በሙሉ ልብሽ የምትናገሪው ነገር አገኘሽ። «በ32,000 ይኖራሉ?» ሲሉሽ «በተጣራ 20,600 አካባቢ ነው፤ የቤቴን ወጪ አስልቼ ነው የመጣሁት፤ ይበቃናል» በዪ። ባልሽ ስንት እንደሚያገኝ፣ ቁጠባሽ ስንት እንደሆነ መዘርዘር የለብሽም። ቁጥሩን ማወቅሽ ብቻ ያሳምናል። «ደመወዝ ለእኔ ዋና ጉዳይ አይደለም» የሚለውን ግን ማንም አያምንም፤ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭራሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ፕሮጀክቱ ቢመለስ ምን እንደምታደርጊ እንደማታውቂ ጽፈሽልኛል። ይህን በግልጽ መናገርሽን ወድጄዋለሁ። ዕድሜ ልክ እቆያለሁ አትበዪ። እሱን የሚጠይቅሽም የለም። የሚፈልጉት ሥራው መሃል ላይ ጥለሻቸው እንዳትሄጂ ነው። ስለዚህ የምትጠብቂውን ያህል ቃል ግቢ፣ በሂሳብ ቋንቋም አስቀምጪው። ለምሳሌ ሁለት የሂሳብ ዓመት። ሁለት ሰኔ 30 ዘግተሽ፣ ሁለቱንም ኦዲት አስጨርሰሽ። የመጀመሪያው ዓመት መማሪያሽ ነው፤ ሁለተኛው ዓመት የተማርሽውን የምትመልሺበት ነው። ይህ ለአንድ ፋብሪካ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአንቺም ካሁኑ የሚታይ ርቀት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ማቅረብ ትችያለሽ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አንቺ «ብለቅ እንኳ የሁለት ወር ጊዜ እሰጣለሁ፤ ለሚተካኝ ሰውም በጽሑፍ አስረክባለሁ» ማለት ትችያለሽ። ሕግ የሚያስገድድሽ ስለሆነ አይደለም፤ የራስሽ ቃል ነው። እኔ በዚያ ሰኔ ይህን የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር። ነገር ግን የማትፈጽሚው ከሆነ አትበዪው። የአዲስ አበባ ሂሳብ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ለሁለት ዓመት ቃል መግባት በጭራሽ የማትችዪ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ቦታ ላይ አታመልክቺ። የኮንትራት ሥራ ፈልጊ፤ ሂሳባቸው ውዝፍ የሆነባቸው፣ ለኦዲት የሚያዘጋጅላቸው ሰው የሚፈልጉ ድርጅቶች አሉ። እዚያ ልምድሽ ሸክም አይሆንም፤ የሚፈልጉትም እሱኑ ነው።

አንድ ሰው ቀረን፤ ብዙ ጊዜ ወሳኙ እሱ ነው። ሐሙስ ፊትሽ ከሚቀመጡት መካከል የቅርብ አለቃሽ የሚሆነው የፋይናንስ ኃላፊ ይኖራል። ምናልባት ካንቺ በዕድሜ ያንስ ይሆናል፤ ምናልባት ማስተርስ የለውም። ሲቪሽን እያገላበጠ ዝም የሚለው እሱ ነው። «ሁለት ወር ሠርተው ይሄዳሉ» የሚለው ነገር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ «ወንበሬን ትፈልጊው ይሆን?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተደብቋል። ይህን በአፍ ማስተባበል አይቻልም። «ቦታዎን አልፈልግም» ብትዪው የባሰ ይደነግጣል።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ «እኛ ጋ እንዲህ ነበር የምንሠራው» የሚለውን አረፍተ ነገር ቤትሽ ትተሽው ሂጂ። ለአንቺ ልምድ ማካፈል ነው፤ ለእሱ ትችት ነው። ሁለተኛ፣ ጥያቄ የምትጠይቂበት ጊዜ ሲሰጥሽ ወደ እሱ ዞረሽ ስለ ሥራው ጠይቂው። «ወር ሲዘጋ ከሁሉም የሚያስቸግርዎት የትኛው ነው?» በዪው። ሲነግርሽ እስክሪብቶሽን አንስተሽ ጻፊ። እኔ ያየሁት ነው፦ አንዲት ሴት ይህን ጠይቃ ሦስት መስመር ስትጽፍ፣ እስከዚያ ድረስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ እጁን አጣምሮ የነበረው ኃላፊ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያወሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷም ተቀጠረች፤ እኔ ስለቅ እዚያው ነበረች።

«ከእርስዎ የሚያንስ ሰው ቢያዝዝዎት?» ብለው በቀጥታ ከጠየቁሽ አንድ የሆነ ነገር ተናገሪ፤ አጠቃላይ መልስ አትስጪ። በ14 ዓመት ውስጥ ካንቺ ታናሽ የሆነ ፕሮግራም ኃላፊ ወይም ኦዲተር ያረመሽና የተቀበልሽበት ቀን አይጠፋም። ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳስተካከልሽ ተናገሪ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም አንዳንድ ቦታ አይሆንም። ቦታው ለውስጥ ሰው ታስቦ ማስታወቂያው ለደንቡ የወጣ ይሆናል። ወይም የደመወዝ ስኬላቸው ለማስተርስ ሌላ እርከን ያስገድዳቸውና በጀቱ የላቸውም። እሱን የምታውቂው ስለ ሥራው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁሽ ስለ ቀድሞ ደመወዝሽ ብቻ ደጋግመው ሲያነሱ ነው። እዚያ አትከራከሪ፤ አመስግነሽ ውጪ።

ሐሙስ ከመሄድሽ በፊት ግን ፕላስቲክ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ አንብቢ። ጥሬ ዕቃው ፍሬ ፍሬ ሆኖ ባብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን አንዱ ጭነት ከሌላው ጋር በብር ዋጋው አይገናኝም። ከማሽን ተበላሽቶ የሚወጣው ደግሞ ተፈጭቶ ተመልሶ ይገባል። የፋይናንስ ኃላፊውን ይህን ጠይቂው፦ «ተፈጭቶ የሚመለሰውን ብልሽት ስቶክ ላይ በስንት ዋጋ ነው የምትይዙት?» መልሱን አንቺም አታውቂውም፤ ለማወቅ እንደምትፈልጊ ግን ፊትሽ ላይ ያየዋል። ዓርብ ጻፊልኝ።